በስልክ ብቻ አጭር ዘጋቢ ፊልም፦ ጣና ዳር የሚሠራ ሰውን ለመቅረጽ ሐሳብ ከመምረጥ እስከ መጨረሻው ሾት

ባህር ዳር ላይ ስልካቸውን ይዘው ስለ አንድ ሠራተኛ ሰው አጭር ዘጋቢ ፊልም ሊሠሩ ከሚነሡት ብዙዎቹ የሚወድቁት ቀረጻው ላይ አይደለም፤ ገና ከቤት ሳይወጡ ነው። «ስለ ጣና ዓሣ አጥማጆች» ብለው ይነሣሉ፣ ሦስት ቀን ሐይቅ ዳር ይውላሉ፣ ስልኩ በቁርጥራጭ ቪዲዮ ይሞላል። ኤዲት ላይ ሲቀመጡ ግን አንዱ ካንዱ አይገጥምም። የተቀረጸው ሁሉ ያምራል፣ ፊልም ግን የለም።

ይህ መመሪያ አራት ደቂቃ ገደማ ለሚሆን ፊልም፣ ለአንድ ቀራጭና ለአንድ ረዳት፣ ለአንድ ስልክ የተጻፈ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምንከተለው አንድ ምሳሌ ብቻ ነው፦ ደንገል አስሮ ታንኳ የሚሠራ ሰው።

1. ሐሳቡን በስልኩ ልክ ቁረጡት

ስልክ ሦስት ነገር አይችልም። ሩቅ ያለን ነገር በደንብ አያቀርብም፣ ጨለማ ውስጥ አያይም፣ ከሁለት ሜትር በላይ ያለን ንግግር ከጫጫታ ለይቶ አይሰማም። እንግዲህ ሐሳብ ስትመርጡ አራት ጥያቄ ጠይቁ፦

- ሰውየው ሥራውን የሚሠራው አንድ ቦታ ላይ ሆኖ ነው?
- ሥራው በቀን ብርሃን ይሠራል?
- ሳታስቸግሩት አንድ ሜትር ያህል ልትጠጉት ትችላላችሁ?
- ሥራው በአንድ ቀን ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ፣ ሲያልቅም በዓይን የሚታይ ነገር አለው?

አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው።

አሁን በየሠፈሩ ያለውን ሥራ በዚህ ወንፊት እናሳልፈው። ሌሊት መረብ የሚጥል ዓሣ አጥማጅ ሁለተኛውን ይወድቃል፤ ምስሉ ጥቁር ሆኖ በነጠብጣብ ይሞላል። የሞተር ጀልባ ነጂ ሦስተኛውን ያልፋል፣ ነገር ግን የሞተሩ ድምፅና የሐይቁ ነፋስ ተደምረው ንግግሩን ይውጡታል። የባጃጅ ሾፌርም እንደዚያው ነው፤ ምስሉም ይንቀጠቀጣል። ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚበልት ሰው አራቱንም ያልፋል፦ ከአንድ ጠረጴዛ አይነቃነቅም፣ እጁ ይሠራል፣ ጠዋት ክምር የነበረው ዓሣ ሲያልቅ ይታያል። ሸማኔም ጥሩ ነው፤ ችግሩ የቤቱ ጨለማ ነው፤ በር አጠገብ የሚሠራ ካገኛችሁ ያዙት። ሊስትሮ ለስልክ ይመቻል፣ ግን ብዙዎቹ ልጆች ስለሆኑ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ካላገኛችሁ ተዉት።

ታንኳ ሠሪ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። የሚሠራው ሜዳ ላይ ነው፣ ሥራው በእጅና በእግር የሚታይ ነው፣ መጨረሻውም ግልጽ ነው፤ ታንኳው ውሃ ላይ ይወርዳል።

ሐሳባችሁን አሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ዓረፍተ ነገሩ ሰው፣ ግሥና ማብቂያ ይኑረው። «የታንኳ ሥራ በጣና» ርዕስ እንጂ ሐሳብ አይደለም። «አንድ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ደንገል እያሰረ፣ ሳይመሽ ታንኳውን ውሃ ላይ ለማውረድ ይሠራል» ግን ሐሳብ ነው፤ ምን እንደምትቀርጹ፣ መቼ እንደምታቆሙ፣ ተመልካቹ ምን እንደሚጠብቅ ይነግራችኋል። እምቦጭን፣ ገበያውን፣ የሐይቁን ታሪክ ሁሉ ልጨምር የሚል ፈተና ይመጣል። ሰውየው ራሱ ስለ እምቦጭ ካወራ ይግባ፤ እናንተ ግን አታስገቡት።

2. ስልኩን ኪስ ውስጥ አድርጋችሁ ሂዱ

ከቀረጻው በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ያለ ካሜራ ሂዱ። ስልክ አውጥቶ የመጣ ሰው እንግዳ ነው፤ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ግን በሁለተኛው ቀን ይለመዳል። በዚያ ቀን የምትፈልጉት እነዚህን ነው።

የሥራውን ቅደም ተከተል ከራሱ ከሠሪው አንደበት ጻፉ። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይሰነብታል፤ ስለዚህ አጨዳውና ማሰሩ በአንድ ቀን አይገናኙም። ደንገሉ መቼ እንደታጨደ፣ መቼ ለማሰር እንደሚደርስ ጠይቁና የቀረጻውን ቀን በእሱ ቁረጡ። ይህን ያልጠየቀ ሰው ጠዋት ሄዶ እርጥብ ደንገል ተሰጥቶ ያገኛል፤ ቀኑም ይባክናል።

ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ፣ ሠሪው ፊቱን ወዴት አዙሮ እንደሚሠራ እዩ። ከጀርባው ሐይቁ ካለ፣ ውሃው ያበራና ፊቱ ይጨልማል። የምትቆሙበትን ቦታ ያን ዕለት ምረጡ።

ድምፁንም ስሙ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሁለት ደቂቃ ቁሙ። የወፍጮ ቤት፣ የጀልባ ሞተር፣ የመዝሙር ድምፅ ማጉያ ካለ በየትኛው ሰዓት እንደሚጮህ ጠይቁ። ጣና ላይ ጠዋት ውሃው ዝም ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ንግግር የሚቀረጸው ስለዚህ ጠዋት ነው።

3. ፈቃድ፦ ከሰውየው ጀምሩ፣ በወረቀት ጨርሱ

ፈቃድ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የሠሪው ነው። ሰላምታ ሳታሳጥሩ፣ «ጋሼ» ወይም በአካባቢው እንደሚጠራው «አያ» ብላችሁ፣ ምን እንደምትሠሩና የት እንደምታሳዩት በግልጽ ንገሩት። «ለዩቲዩብ ነው» ማለት ለብዙ ሰው ትርጉም የለውም፤ «ማንም ሰው በስልኩ ሊያየው ይችላል፣ ጎረቤትም ዘመድም» በሉት። የሚሠራበትን ቀን የምታዘገዩበት ከሆነም ማካካሻ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ይህ የቀን ገቢው ነው። መሐል ላይ የሚነሣ የገንዘብ ጥያቄ ቀረጻውን ያበላሻል።

ሁለተኛው የአካባቢው ፈቃድ ነው። ከቀበሌ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ፣ መታወቂያችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። ደብዳቤው የቦታውን ስም፣ ቀኑንና የቀራጮቹን ስም ይያዝ፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብቻ የሚል ደብዳቤ ጥበቃው ፊት አያሳልፍም።

*ተጠንቀቁ፦* የዓባይ ድልድይ፣ የጸጥታ ሰዎች፣ የመንግሥት ተቋም በር ከፍሬማችሁ ይውጡ። «ከበስተጀርባ ብቻ ነው» የሚለው ምክንያት አይሠራም፤ ስልኩን ሊወስዱባችሁ፣ የቀኑን ሥራ ሊያስጠፏችሁ ይችላሉ። ዓሣ አጥማጅ የምትቀርጹ ከሆነ ደግሞ የሚጠቀምበት መረብ የተከለከለ ከሆነ መረቡን አታሳዩ፤ ፊልሙ በእሱ ላይ ማስረጃ ይሆናል።

4. ስልኩን ከዋዜማው አዘጋጁ

ቪዲዮውን 1080p፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ላይ አድርጉት። 4K አትምረጡ፤ ሚሞሪ ይጨርሳል፣ ስልኩን ያግላል፣ ደከም ያለ ስልክም ኤዲት ሲደረግ ይጨናነቃል። በተለመደው አቀራረጽ አንድ ደቂቃ 130 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ለአራት ደቂቃ ፊልም 80 ደቂቃ ያህል ስለምትቀርጹ 10 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ 15 ነፃ አድርጉ።

ስልኩን አግድም ያዙት፤ ቀኑን ሙሉ ሳትለውጡ። ፍሬሙን በሦስት በሦስት የሚከፍለውን መስመር (ግሪድ) አብሩ። «ቢውቲ» የሚባለውን ፊት ማለስለሻ አጥፉ፤ የሠራተኛን ፊት ሰም ያስመስለዋል።

የሚያዝ ዕቃ ጥቂት ነው፦ 10,000 ሚሊአምፔር ፓወር ባንክ፣ ትንሽ ስታንድ፣ የሌንስ መጥረጊያ ንጹሕ ጨርቅ፣ ስልኩን አንገት ላይ የሚያንጠለጥል ገመድ፣ የደረት ማይክ። ማይክ ስትገዙ ጫፉን እዩ፤ ለስልክ የሚሆነው በጥቁር ቀለበት አራት ቦታ የተከፈለው ነው። ሦስት ቦታ ብቻ የተከፈለው ለካሜራ የተሠራ ስለሆነ ያለ ማቀያየሪያ ስልክ ላይ አይሰማም። ሱቁ ውስጥ ቀርጻችሁ ሳትሰሙ አትክፈሉ።

ማይክ ካልተገኘ ሁለተኛ ስልክ ይበቃል። የድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ፣ ስልኩን በሸሚዙ የላይኛው ኪስ ውስጥ ማይኩን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሁለቱም ስልኮች መቅዳት ሲጀምሩ ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ኤዲት ላይ ድምፁንና ምስሉን የምታገጥሙት በዚያች ጭብጨባ ነው።

5. የቀረጻው ቀን፣ በቅደም ተከተል

*ሀ. ከጠዋቱ 12:30 ድረሱ።* ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት፤ የሚመጣ ጥሪ ቀረጻ ያቋርጣል። ሌንሱን ጥረጉ። ይህን በየሰዓቱ ድገሙት፤ በጣት ወዝ የተሸፈነ ሌንስ የፀሐይ ብርሃን ሲመታው ምስሉ ሁሉ ጉም ይመስላል፣ ጥፋቱም የሚታወቀው ቤት ሲገባ ነው።

*ለ. በመጀመሪያ ሰፊውን ሾት ውሰዱ።* ሠሪው፣ የደንገሉ ክምር፣ ሐይቁ በአንድ ፍሬም። ለዚህ ሰዓቱ አይመለስም፤ ክምሩ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ይህችን ሾት ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ከፍታ በየሁለት ሰዓቱ ድገሟት። ክምሩ ሲያንስ ታንኳው ሲያድግ ያለ አንድ ቃል ጊዜው ማለፉን ትናገራለች። የቆማችሁበት ቦታ ላይ ድንጋይ አስቀምጡ።

*ሐ. ብርሃንና ፎከስ ቆልፉ።* ስክሪኑ ላይ የሠሪውን ፊት ተጭናችሁ ያዙ፤ አይፎን ላይ AE/AF LOCK የሚል ጽሑፍ ይወጣል፣ ሌሎች ላይ የቁልፍ ምልክት ይታያል። ሳትቆልፉ ከቀረጻችሁ ጎንበስ ቀና ባለ ቁጥር ከኋላው ያለው ውሃ እየገባ ምስሉ ይበራል ይጨልማል፤ ይህን ኤዲት አያድነውም።

*መ. እያንዳንዱን ተግባር በአምስት ሾት ውሰዱ።* ገመድ ማጥበቅን እንያዝ። አንደኛ፣ እጁ ብቻ። ሁለተኛ፣ ፊቱ ብቻ። ሦስተኛ፣ እጁና ፊቱ አብረው ከትከሻው ጀርባ። አራተኛ፣ ሙሉ ሰውነቱ ከነአካባቢው። አምስተኛ፣ ማንም የማያስበው፤ ለምሳሌ ደንገሉን ረግጦ የያዘው እግሩ። እያንዳንዱን ሳትንቀሳቀሱ በሆዳችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። እጁ ከፍሬሙ ወጥቶ እስኪያልቅ አትቁረጡ።

ዙም አትጠቀሙ፤ በእግራችሁ ቅረቡ። ስትዞሩ ደግሞ ከሠሪው አንድ ወገን አትለፉ። ጠዋት ሐይቁ በቀኝ ከነበረ ቀኑን ሙሉ በቀኝ ይሁን። ወደ ማዶ ከተሻገራችሁ ሾቶቹ ሲቀጠሉ ሰውየው በየሰከንዱ ፊቱን የሚያዞር ይመስላል።

አምስቱን ሾት ለአራት ተግባር ብቻ ሥሩት፦ ደንገሉን በእቅፍ መለየትና መደርደር፣ በገመድ ማሰርና ማጥበቅ፣ ጫፉን አቅጥኖ ወደ ላይ መቀልበስ፣ ውሃ ላይ ማውረድ። የቀረው ጊዜ ለማየት ነው።

*ሠ. የባዶ ቦታ ድምፅ ቅረጹ።* ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ። የደንገሉን መንኮሻኮሽና ገመዱ ሲጠብቅ የሚያሰማውን ድምፅም ማይኩን አንድ ስንዝር አስጠግታችሁ ለብቻው ውሰዱ። ፊልሙ ውስጥ ሙዚቃ የምትሹት ይህ ሲጎድል ነው።

*ረ. ታንኳው ሲወርድ።* ይህ አይደገምም። «እስቲ መልሰው ያውጡትና እንደገና» ማለት ሠሪውንም ያደክማል፣ ሁለተኛው ጊዜም ሐሰት መሆኑ ፊቱ ላይ ይታያል። ከመነሣቱ በፊት ከውሃው ዳር ቦታ ያዙ፤ ታንኳው ወደ እናንተ መጥቶ አልፏችሁ ወደ ውሃው የሚገባበት ጎን ይሁን። ባትሪውንና ሚሞሪውን እዩ፣ ቀረጻውን አንድ ደቂቃ ቀድማችሁ ጀምሩ፣ ታንኳው ከራቀም በኋላ ሰላሳ ሰከንድ አትዝጉ። ብዙ ጊዜ ፊልሙ የሚያልቀው በዚያች ሰላሳ ሰከንድ ውስጥ ባለ ነገር ነው።

*ተጠንቀቁ፦* ታንኳው ላይ ወጥታችሁ አትቅረጹ። ሚዛኑን ለማያውቅ ሰው ይገለበጣል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ደግሞ በማለዳና ሲመሽ ደንገል ውስጥ ገብታችሁ አትቁሙ፤ ሠሪው ቁሙ ያላችሁ ቦታ ቁሙ።

6. ንግግሩን መቅረጽ

ንግግሩን ሥራው ከተጀመረ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ለእረፍት ሲቀመጥ ውሰዱት። ጥላ ውስጥ፣ ብርሃኑ ከጎኑ እንዲመጣ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ማይኩ ከአገጩ አንድ ስንዝር ዝቅ ይበል፤ ነጠላ ወይም ጋቢ ሥር ከገባ ጨርቁ ይፈገፈግበታል።

«ሥራው ከባድ ነው?» አትበሉ፤ መልሱ «አዎ» ነው፣ አለቀ። እንዲህ ጠይቁ፦

- ዛሬ ከቤት ከወጡ ጀምሮ ምን ምን ሠሩ?
- ታንኳው ጥሩ እንዳልታሰረ በምን ያውቁታል?
- ያበላሹትን አንድ ታንኳ ይንገሩኝ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ፊልሙን ይሠሩታል፤ ባለሙያ ስለ ሥራው ስሕተት ሲያወራ አንደበቱ ይፈታል። ደንገል ውሃ እየጠጣ እንደሚከብድ፣ ታንኳው ከውሃ ወጥቶ መድረቅ እንዳለበት የመሰለውን ነገር የምታገኙት በዚህ በኩል ነው። ጥያቄያችሁ ከፊልሙ ስለሚወጣ መልሱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲጀምር አስቀድማችሁ ለምኑት። ሲጨርስ ወዲያው ሌላ አትጠይቁ፤ አምስት ሰከንድ ዝም በሉ፣ ብዙ ሰው ዋናውን ነገር ከዚያ በኋላ ነው የሚናገረው። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

7. ሲበላሽ

*ነፋስ ቀድሞ ተነሣ።* ማይኩን በስፖንጅ ሸፍኑ፤ ከሌለ ጀርባችሁን ለነፋሱ ሰጥታችሁ ከለላ ሁኑ። አሁንም በጆሮ ማዳመጫ «ፉፉፉ» የሚል ከተሰማ አቁሙ፤ ንግግሩን በሌላ ቀን ቤቱ ውስጥ ድምፁን ብቻ ቅረጹት። ምስሉ የሥራው ስለሚሆን ማንም አያውቅም።

*ስልኩ ጋለና ካሜራውን ዘጋ።* ከፓወር ባንኩ ንቀሉት፣ ሽፋኑን አውልቁ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ አታስነኩት፤ ሌንሱ ውስጥ ላብ ይቋጥራል።

*ሠሪው ካሜራ እያየ ፈዘዘ።* ስልኩን ስታንድ ላይ አቁሙና እናንተ ወደ ጎን ሄዳችሁ ከረዳታችሁ ጋር ስለ ሌላ ነገር አውሩ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወደ ሥራው ይመለሳል።

*ሰው ተሰበሰበ።* ሕፃናቱን አታባርሩ፤ እስኪሰለቻቸው ቅርብ ሾት ብቻ ውሰዱ። እጅና ገመድ የያዘ ፍሬም ውስጥ የሚገባ ሰው የለም።

*ታንኳው ያን ቀን አላለቀም።* አታስቸኩሉት። ያላለቀውን ታንኳ በምሽት ብርሃን ቅረጹና በነጋታው ተመለሱ፤ ሠሪው ያንኑ ልብስ እንዲለብስ ብቻ ጠይቁ።

8. ኤዲት፦ ከንግግሩ ጀምሩ

ማታውኑ ሁሉንም ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ሁለት ቅጂ ሳይኖር ከስልኩ አታጥፉ። ከዚያ የኤዲት መተግበሪያውን ሳትከፍቱ ንግግሩን አዳምጡና ጥሩውን በወረቀት ጻፉ። ከአሥራ አምስቱ ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ተኩል የሚሆን ብቻ ምረጡ። እሱን መሥመሩ ላይ ደርድሩት፣ ከዚያ በላዩ የሥራውን ሾቶች አልብሱት። እጁ ገመድ ሲያጠብቅ ስለ መጥበቅ ከሚናገር ይልቅ ስለ ሌላ ነገር ቢናገር ይሻላል፤ የሚታየውን መድገም አያስፈልግም። የቀረው ደቂቃ ተኩል ያለ ንግግር ይሁን፤ በተለይ ታንኳው ሲወርድ ውሃው ብቻ ይሰማ።

ስትጨርሱ በ1080p አውጡት። ለሠሪው ከሁሉም በፊት በራሳችሁ ስልክ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጣችሁ አሳዩት፤ «ይህን አውጡልኝ» ያለውን አውጡ። በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን File የሚለውን መርጣችሁ ላኩ፤ ካልሆነ መተግበሪያው ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል።